ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት

የመድኃኒት ፍሪጅ እሑድን አያውቅም። ክሊኒኩ ቅዳሜ ማታ ተዘግቶ ሰኞ ጠዋት እስኪከፈት ድረስ መብራት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሄድና ሊመጣ ይችላል። ሰኞ ጠዋት ግን ፍሪጁ እየሠራ፣ ውስጡም ቀዝቅዞ ይገኛል። እጁን አስገብቶ የነካ ሰው ደህና ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ውስጥ የተቀመጠው ኢንሱሊን፣ ኦክሲቶሲን ወይም የቴታነስ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል መቆየት ነበረበት። በእርግጥ ቆይቷል ወይ? መልሱ ያለው ቴርሞሜትሩ ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም።

በብዙ ትንንሽ ክሊኒኮች ይህን የመጠየቅ ሥራ በቃሏ የምታውቅ አንዲት ሲስተር አለች። ፍሪጁን ታያለች፣ በረኪናውን ትበጠብጣለች፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ትፈትሻለች፣ የድንገተኛ መድኃኒቱን ትሪ ትቆጥራለች። እሷ የወሊድ ፈቃድ የወጣች ዕለት ግን የክሊኒኩ ጠዋት አብሯት ይወጣል። ባለቤቶች ይህን ሲያዩ ሥራውን ስልክ ላይ ባለ የተግባር ማስታወሻ አፕ ለማስፈር ይሞክራሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሠራሩ ላይ ግን አብዛኛው ሰው ከአንድ ቦታ ይጀምራል፦ «ክሊኒክ መክፈት» የሚል አንድ ተግባር ይጽፋል፣ በየቀኑ እንዲደጋገም ያደርጋል፣ ከሥሩ አሥራ አምስት ንዑስ ተግባር ይደረድራል። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ነገር በየቀኑ ራይት ተደርጎበት ይታያል። ፍሪጁን ግን ያየው የለም።

ይህ የሠራተኛ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ከቀዶ ሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት 19 ነጥቦች አሉት። በ8 ከተሞች፣ በ8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳየ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ሆስፒታሎቿ በሙሉ ቼክሊስቱን እንዲጠቀሙ ስታደርግ የ101 ሆስፒታሎችን መረጃ ያገናዘበና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ትርጉም ያለው ለውጥ አላገኘም። ሆስፒታሎቹ ግን ቼክሊስቱን እንደሚጠቀሙ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ለልዩነቱ ብዙ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል፤ ከሁሉም ቀላሉና ለትንሽ ክሊኒክ የሚጠቅመው፣ ራይት ማድረግና ሥራውን መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

ስለዚህ የጠዋቱን ዝርዝር የሚሠራ ሰው ከአፑ በፊት ከወረቀት ጋር መቀመጥ አለበት። በአዲስ አበባ በጠዋቱ 2፡00 የሚከፈት፣ እሑድ የሚዘጋ፣ ሁለት ነርስ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ያለውን መካከለኛ ክሊኒክ ለምሳሌ እንውሰድ። ባለቤቱ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ጠዋት የሚሠራውን ሁሉ ቢጽፍ ሠላሳ ነገር ይወጣዋል። ከዚያ መካከል ማንም የማይረሳው አለ፦ በር መክፈት፣ መብራት ማብራት፣ ወንበር ማስተካከል። ይህ ከዝርዝሩ ይወጣል። የሚቀረው ቢረሳ ማንም ወዲያው የማያስተውለው፣ ሲፈለግ ግን ጉዳት የሚያመጣው ነው። በምሳሌው ክሊኒክ ስድስት ነገር ቀረ፦ የፍሪጁ ሙቀት፣ የክሎሪን ውህዱ፣ አውቶክሌቩ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ፣ የድንገተኛ መድኃኒት ትሪው እና የግሉኮሜትሩ ፍተሻ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ነጥብ ተመዝኖ ይጻፋል። «ፍሪጅ ማየት» ብሎ የጻፈ ሰው ማየትን ብቻ ጠይቋል፤ የታዘዘውም ሰው አይቶ ያልፋል። የተሻለው «የፍሪጁን ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ እና የአሁን ሙቀት ጻፍ፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩን አጥፍተህ እንደገና አስጀምር» የሚለው ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም። በየጠዋቱ ካልታደሰ ግን የሦስት ቀን በፊቱን ከፍተኛ ሙቀት እንደ ትናንት አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ የማደሱ ቃል ከትእዛዙ መቅረት የለበትም። የክሎሪኑም እንዲሁ ነው። ለንክኪ ቦታዎችና ለዕቃ ማጽጃ የሚውለው የ0.5 በመቶ ውህድ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና ሲሠራ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ነው፤ አንድ ሊትር በረኪና ዘጠኝ ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ አሥር ሊትር ይሆናል። ትእዛዙ ላይ «1 ለ 9፣ የትናንቱን ድፋ» ተብሎ ካልተጻፈ አዲስ የመጣች የጽዳት ሠራተኛ በዓይኗ ትገምታለች። የጠርሙሱ ጽሑፍ ሌላ መጠን የሚል ከሆነ ሒሳቡም ይለወጣል፤ ስለዚህ አዲስ የበረኪና ዓይነት በተገዛ ቁጥር ቁጥሩን ማየት የዕቃ ገዢው ሥራ መሆን አለበት።

አሁን ወደ አፑ። ለዚህ ጽሑፍ ቶዱዊስት የተባለውን እንይ፤ ነጻ እትም አለው፣ መረብ ሲጠፋ ይሠራል፣ መረቡ ሲመለስ መረጃውን ያስተላልፋል፣ ዝርዝርንም ለሌሎች ሰዎች ማጋራት ይቻላል። መርሐ ግብሩን የሚቀበለው በእንግሊዝኛ በተጻፈ አጭር ሐረግ ነው፦

```
every day at 7:20
every mon, tue, wed, thu, fri, sat at 7:30
every! 60 days
```

የመጀመሪያው መስመር ለፍሪጁ ብቻ ነው፤ እሑድም በዓልም ሳይል ይመጣል። እሑድ ጠዋት የሚያነበው የጥበቃ ሠራተኛው ሲሆን ሦስቱን ቁጥር ለተረኛዋ ነርስ በስልክ ይነግራታል፤ እሷ ከቤቷ ሆና ትመዘግባለች። ሁለተኛው ለቀሩት አምስት ሥራዎች ነው። ሦስተኛውን በኋላ እንመለስበታለን፤ እዚያች ትንሽ የቃለ አጋኖ ምልክት ውስጥ ብዙ ነገር አለ።

ሰዓቱን በተመለከተ ኢትዮጵያ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚደርስ ስሕተት አለ። ክሊኒኩ በ1፡30 መዘጋጀት ይጀምራል ብሎ በአፑ ላይ 1:30 የጻፈ ሰው ማስታወሻው ሌሊት 7፡30 ወይም ከቀኑ 7፡30 ላይ ይመጣበታል። ጠዋት 1፡30 በስልኩ ቋንቋ 7:30 ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሆኖም ባለቤቱ በአንዱ ሰዓት ሲናገር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ስልኩን በሌላው ሲያነብ፣ ዝርዝሩ ላይ «በ2 ሰዓት ይጠናቀቅ» የሚል ጽሑፍ ሲጨመርበት ግርታ ይፈጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በተግባሩ ስም ላይ ሰዓት አለመጻፍ፤ ሰዓቱን ለአፑ መርሐ ግብር ብቻ መተው።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ፦ ስድስቱ ነገሮች የአንድ ትልቅ ተግባር ንዑሳን ይሁኑ ወይስ ስድስት ራሳቸውን የቻሉ ተግባራት? ንዑስ ማድረግ ለዓይን ያምራል። በቶዱዊስት ዋናው ተግባር የሚደጋገም ከሆነና ራይት ሲደረግበት ንዑሳኑ ሁሉ ለነገ እንደ አዲስ ይከፈታሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። መጥፎው ነገር ዋናውን ራይት ለማድረግ ንዑሳኑ መጠናቀቃቸው ግዴታ አለመሆኑ ነው። የተጣደፈ ሰው ከላይ ያለችውን አንዲት ክብ ይነካል፤ ሁሉም ወደ ነገ ይዘላል፣ ያልተሠራው ካልነበረው ጋር ይቀላቀላል። አንዳንድ አፖች ደግሞ ለሚደጋገም ተግባር ንዑስ ተግባር ጨርሶ አይፈቅዱም። ስለዚህ ስድስቱን ነጥቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድግግሞሽ ያላቸው ተግባራት ማድረግ ይሻላል። ከላያቸው ርዕስ ካስፈለገ በስሙ መጀመሪያ ኮከብ ምልክትና ባዶ ቦታ ማስገባት ነው፤ ቶዱዊስት እንዲህ ያለውን ተግባር ራይት የማይደረግበት ርዕስ ያደርገዋል።

ቅደም ተከተሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሪጁ የሚቀድመው ማንም ከፍቶ ዕቃ ከማውጣቱ በፊት ሌሊቱ የተወውን ቁጥር ለማንበብ ነው። ሁለተኛው አውቶክሌቩ ነው፤ የታሸገ ዕቃ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ማሞቂያውና ማድረቂያው ሲጨመር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እሱ እየሠራ ሌላው ይከናወናል። አውቶክሌቩ ሁለት ተግባር እንጂ አንድ አይደለም፦ አንዱ ማስጀመር፣ ሌላው በኋላ ዕቃው ደርቆ ወጥቶ ሳጥኑ ላይ ቀን መጻፍ። ብዙ ዝርዝሮች ሁለተኛውን ይረሳሉ። ኦክስጅኑ ላይ ቫልቩን ከፍቶ የግፊት መለኪያውን ማንበብ፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ መልሶ መዝጋት፤ ሳይዘጋ የቀረ ቫልቭ ሲሊንደሩን ሳይታሰብ ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

ቁጥሩስ የት ይጻፋል? ብዙ ሰው የአፑን የማስታወሻ ሳጥን ይጠቀማል፤ የዛሬው የትናንቱን ይሸፍነዋል። የተሻለው ቦታ የተግባሩ አስተያየት መስጫ ነው። በቶዱዊስት የሚደጋገም ተግባር በየቀኑ ያው አንድ ተግባር ስለሆነ አስተያየቶቹ አብረውት ይቆያሉ፤ እያንዳንዱም የጸሐፊውን ስምና ቀን ይዟል። «3.5 / 7.2 / 5.1» የሚል አንድ መስመር በየጠዋቱ ሲገባ ከሁለት ወር በኋላ የፍሪጁ ታሪክ ተግባሩ ሥር ተደርድሮ ይገኛል። ነጻው እትም የእንቅስቃሴ ታሪክን ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚያሳይ ይህ አስተያየት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚሆን በቁጥር እንይ። ተረኛዋ ነርስ ስልኩን ከፍታ ፍሪጁ ላይ ታነባለች፦ ዝቅተኛ 4.5፣ ከፍተኛ 14.0፣ የአሁን 6.0። «ፍሪጅ ማየት» የሚል ተግባር ቢሆን ኖሮ የአሁኑ 6.0 ስለሆነ ራይት ታደርግና ወደ ቀጣዩ ትሄድ ነበር። እሷ ግን ሦስቱን ጽፋለች፤ 14.0 የሚለው ደግሞ ከ8 በላይ ነው። ጥበቃው እሑድ ጠዋት የላከው ቁጥር 4.5፣ 7.0፣ 5.5 ስለነበር ጉዳቱ የደረሰው ከእሑድ ጠዋት በኋላ ነው። በተግባሩ መግለጫ ላይ ቀድሞ የተጻፈ አራት ቃል የሚበቃ መመሪያ አለ፦ አትጠቀሙ፣ አትጣሉ፣ ለዩ፣ ደውሉ። መድኃኒቱ እዚያው ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ «አይወጣም» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፤ የፋርማሲው ኃላፊ ለምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ሙቀት እንደቆየ ከአምራቹ መመሪያ ጋር አገናዝቦ ይወስናል። ውሳኔው የነርሷ አይደለም፤ የፈለገው ቢቸኩል ራይት አይደረግም፣ ተግባሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ማለቱም አደጋ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይሄኛውን ነው። ኢንሱሊን ከበረደ በኋላ ቢቀልጥም አገልግሎት ላይ አይውልም፤ የቴታነስ ክትባትም በበረዶ ይበላሻል። ሲቀዘቅዝ ይሻላል ብሎ የፍሪጁን ማስተካከያ እስከ መጨረሻ ያዞረ ሠራተኛ ከመብራት መጥፋት የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር ያለው ቦታ ከከፍተኛው እኩል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ድግግሞሽ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ክሊኒኩ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ከቆየ ሰው ሦስት ያልተሠሩ ተግባራት ተደርድረው እንደሚጠብቁት ያስባል። አይጠብቁም። ቶዱዊስት ላይ ያለችው አንዲት ተግባር ናት፤ ቀኗ ያለፈ መሆኑን በቀይ ታሳያለች፣ አንዴ ራይት ሲደረግባት ወደፊት ወዳለው ቀን ትሄዳለች። ያለፉት ቀናት ተውጠዋል። ለመወልወል እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው፤ የትናንትን ወለል ዛሬ መወልወል አያስፈልግም። ለፍሪጁ ግን የጎደለ ቀን ራሱ መረጃ ነው፤ ያንን ቀን የሚያሳየው በአስተያየቶቹ ቀናት መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ባለቤቱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ዓርብ ከሰዓት፣ የአስተያየቶቹን ቀኖች ብቻ ቢያይ ይበቃዋል።

ወደ ቃለ አጋኖዋ እንመለስ። `every` ብቻውን ሲሆን ቀጣዩ ቀን የሚቆጠረው ከተያዘው መርሐ ግብር ነው፤ `every!` ሲሆን ግን ሥራው በእርግጥ ከተሠራበት ቀን ነው። ፍሪጁን በረዶ ማቅለጥን በ60 ቀን አንዴ ብንይዝና ሥራ በዝቶ ከቀኑ አሥር ቀን ዘግይቶ ቢሠራ፣ በ`every` የሚቀጥለው ከ50 ቀን በኋላ ይመጣል፤ በ`every!` ግን ሙሉ 60 ቀን ይቆጥራል። በረዶው የሚከማቸው ከቀለጠበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ሁለተኛው ይሆናል። የድንገተኛ ትሪው የማብቂያ ቀን ፍተሻ ግን በ`every` መያዝ አለበት፤ አድሬናሊኑ የሚያበቃበት ቀን እኛ ስለዘገየን አይዘገይም።

ሥራው በእርግጥ መሠራቱን ለማወቅ ካሜራ አያስፈልግም። ስድስቱም ተግባራት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ራይት ከተደረገባቸው፣ አውቶክሌቩን ማስጀመርና ዕቃውን ማውጣት በሁለት ደቂቃ ልዩነት ከተመዘገቡ፣ የፍሪጁ ቁጥር ለሁለት ሳምንት ያለ ለውጥ 5.0 ከሆነ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። እውነተኛ ፍሪጅ እንዲህ አይረጋም። ጎበዝ ባለቤት ደግሞ አልፎ አልፎ ሆን ብሎ አንድ ነገር ያጓድላል፤ የ40 በመቶ ግሉኮሱን ከትሪው አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጥና ጠዋት በሩ ሳይከፈት ማን እንደሚደውልለት ያያል። ይህን ለቅጣት የሚጠቀም ሰው ግን በሁለተኛው ጊዜ የሚያገኘው ይበልጥ የተቀነባበረ ውሸት ነው።

ተግባሩን ለማን እንመድብ የሚለው ጥያቄ ንጹሕ መልስ የለውም። ለሲስተር እገሊት ብሎ መመደብ ባለቤት ያለው ሥራ ያደርገዋል፤ እሷ ዕረፍት በወጣችበት ቀን ግን ሌላዋ የራሷን ዝርዝር ብቻ ስለምታይ የፍሪጁን አታየውም። ሌላው መንገድ በእንግዳ መቀበያው አንድ ስልክ አስቀምጦ «ተረኛ» የሚል አንድ አካውንት መክፈት ነው። ያኔ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ይታያል፤ ሆኖም ታሪኩ ሁሉ በ«ተረኛ» ስም ስለሚመዘገብ እያንዳንዱ ሰው ከቁጥሩ አጠገብ የስሙን መነሻ ፊደል መጻፍ አለበት። ከአምስት ሰው በታች ላለው ክሊኒክ ሁለተኛው የሚሻል ይመስላል፤ ፈረቃው የሚለዋወጥ ከሆነ በተለይ።

አፑ የማይተካውም አለ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ይቀጥላል፣ ቁጥሩ ሁለት ቦታ ይጻፋል። ስልኩ ባትሪ ሲያልቅበት ወይም ሲጠፋ ስድስቱ ነጥቦች በላሚኔት በታሸገ አንድ ገጽ ላይ ግድግዳው ላይ ይገኛሉ። በአስተያየቶቹ ውስጥ ደግሞ የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም የምርመራ ውጤት አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ይሰጣል፤ ስለ ፍሪጅ የሚያወራ ዝርዝር ደግሞ የሰው ስም የሚያስፈልገው ምክንያት የለም።

የወርሃዊ ሥራዎች ጉዳይ ቀርቷል፤ ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ከሁሉ የሚያስቸግረውም ይሄ ነው። አፑ ወር ሲል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። በየወሩ መጀመሪያ ትሪውን ልቆጥር ያለች ነርስ በአፑ የተሰጣት ቀን ኅዳር 22 ላይ ያርፋል፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ 23። ክሊኒኩ የመድኃኒት ቆጠራውንም ሪፖርቱንም በኢትዮጵያ ወር ስለሚዘጋ ሁለቱ አይገናኙም። የእኛ ወሮች ግን ከጳጉሜ በቀር ሁሉም ሠላሳ ቀን ናቸውና መውጫ አለ፦ ወር የሚለውን ትቶ ሠላሳ ቀን ማለት፣ መጀመሪያውንም መስከረም 1 ላይ መትከል።

```
every 30 days starting 11 Sep
```

ይህ በየኢትዮጵያ ወሩ 1 ቀን ላይ በትክክል ይመጣል፤ ጥቅምት 1፣ ኅዳር 1 እያለ እስከ ነሐሴ። ከዚያ ጳጉሜ 1 ላይ ይመጣና የሚቀጥለው መስከረም 26 ይሆናል፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ መስከረም 25። ስለዚህ ዓመቱ ሲቀየር የወርሃዊ ተግባራቱ መነሻ ቀን እንደገና ይተከላል፤ ከጳጉሜ 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት መስከረም 1 የሚውለው መስከረም 11 በፈረንጁ ሳይሆን 12 ላይ ስለሆነ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል። ይህንንም ለማስታወስ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚመጣ አንድ የዓመት ተግባር ዝርዝሩ ላይ ይጨመራል፤ በዚያው ቀን ዓመቱን ሙሉ ማንም ቁጥር ያልጻፈበት ነጥብ ካለ ይሰረዛል ወይም በሚለካ ነገር ተቀይሮ ይጻፋል።